የማያውቁትን ስም በምረቃ መድረክ ላይ ሲጠሩ

በአገራችን አብዛኛው ዩኒቨርሲቲና ኮሌጅ የተመራቂዎቹን ስም የሚይዘው በላቲን ፊደል ነው። ትራንስክሪፕቱም ዲግሪውም በእንግሊዝኛ ስለሚዘጋጅ ሬጅስትራሩ ለስም ጠሪው አትሞ የሚሰጠው ዝርዝር ያው የእንግሊዝኛው ነው። ስም ጠሪው ደግሞ ብዙ ጊዜ በድምፁ ማማር ወይም በሥልጣኑ የተመረጠ መምህር፣ ዲን ወይም ከውጭ የተጋበዘ የመድረክ አስተዋዋቂ ነው። ወረቀቱ የሚደርሰው በዋዜማው፣ ሲብስም እዚያው መድረክ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ስሞቹ ሲጣመሙ ሰው ሁሉ ጥፋቱን በአንደበቱ ላይ ያደርጋል። እኔ ግን ችግሩ ከአንደበት በፊት ከወረቀቱ ይጀምራል ባይ ነኝ። ወረቀቱ ስሙን እንጂ ስሙ ከየትኛው ቋንቋ እንደመጣ አይናገርም፤ የላቲን ፊደል ደግሞ በአገራችን ቋንቋዎች ውስጥ አንድ ዓይነት ድምፅ የለውም።

x የምትባለውን ፊደል እንውሰድ። አፋን ኦሮሞ በ1984 ዓ.ም. ቁቤን የጽሕፈት ፊደሉ አድርጎ ሲቀበል x ለ“ጠ” ድምፅ ተሰጠች። ስለዚህ Xilaahun ተብሎ የተጻፈው ሰው ጥላሁን ነው። በሲዳምኛና በወላይትኛም x “ጠ” ናት። ሶማልኛ ግን የላቲን ፊደልን እ.ኤ.አ. በ1972 ሲይዝ ይህችኑ x ለ“ሐ” አዋላት። Xasan ሐሰን፣ Xaliimo ሐሊሞ፣ Maxamed መሐመድ ይሆናሉ። በአንድ ገጽ ላይ Xilaahun እና Xasan ተከታትለው ቢመጡ ያችው ፊደል ባንዱ “ጠ”፣ በሌላው “ሐ” ናት። እንግሊዝኛ የለመደ ዓይን ሁለቱንም “ክስ” ወይም “ዝ” ብሎ ያነባቸዋል፣ ሁለቱንም ይስታል።

የ c ጉዳይ ከዚህ ይብሳል፤ ምክንያቱም ስሕተት መሆኑ እንኳ አይታወቅም። በቁቤ c “ጨ” ናት፤ Caaltuu ጫልቱ፣ Caalaa ጫላ፣ Leencoo ሌንጮ ነው። በሶማልኛ ያችው c የዐይን ድምፅ ናት፤ Cabdi ዐብዲ፣ Cumar ዑመር ተብሎ ይነበባል። የቋንቋዎቹን አጻጻፍ የማያውቅ ስም ጠሪ ካልቱ፣ ካላ፣ ካብዲ፣ ኩመር እያለ ገጹን ይጨርሳል፤ እነዚህ ድምፆች ለጆሮው ስም ስለሚመስሉ አንዱም አያስቆመውም። በአፋርኛ ደግሞ የዐይንን ድምፅ የያዘችው q ናት። ሕዝቡ ራሱን Qafar ብሎ የሚጽፈው ስለዚህ ነው፤ በኦሮምኛ ግን q “ቀ” ናት፣ Qananii ቀነኒ ነው።

አናባቢዎቹም እንዲሁ ያታልላሉ። በቁቤ ሁለት ጊዜ የተጻፈ አናባቢ ድምፁ መርዘሙን ብቻ ነው የሚያሳየው። Boontuu ቦንቱ ናት፤ oo ሲያይ “ኡ” ማለት የለመደ ሰው ግን ቡንቱ ይላታል። Beekaa ቤካ ነው፣ በእንግሊዝኛ ዓይን ቢካ ይሆናል። ተነባቢ ሲደገም ደግሞ ድምፁ ይጠብቃል። Gammachuu ውስጥ “መ” ጠብቆ ይነበባል፤ ch ደግሞ እዚህ “ቸ” ናት እንጂ “ጨ” አይደለችም።

እስካሁን ያልኩት ዝርዝሩ በአንድ ሥርዓት ቢጻፍ ቀላል ነበር። አስቸጋሪው ነገር ብዙ ሥርዓት በአንድ ዝርዝር ውስጥ መደባለቁ ነው። አንዱ ተማሪ ከልጅነቱ ስሙን በቁቤ Caalaa ብሎ ሲጽፍ የኖረ ነው። የሌላው ስም ትምህርት ቤት ሲገባ መምህሩ እንደመሰለው በእንግሊዝኛ ዘይቤ Chala ተብሎ ተመዝግቧል። ስሙ አንድ ነው፣ ጫላ። በሁለተኛው አጻጻፍ ግን ch “ጨ” ሆናለች፤ ከላይ በገመቹ ስም ውስጥ “ቸ” የነበረችው ማለት ነው። ስለዚህ ፊደሉን ከማንበብ በፊት መስመሩ በየትኛው ሥርዓት እንደተጻፈ መለየት ያስፈልጋል። ለዚህ የሚረዳ አንድ ምልክት አለ፦ ከተማሪው ስም አልፎ የአባቱንና የአያቱንም ማየት። በመስመሩ ውስጥ አንድ ቦታ aa፣ ee ወይም uu ካለ መላው መስመር በቁቤ የመጻፉ ዕድል ሰፊ ነው፤ እንግዲያው c ብትኖር “ጨ” ትሁን። Axmed፣ Cali፣ Maxamed ዓይነት ስም ከጎን ካለ መስመሩ የሶማሌ ነው፣ c ዐይን ናት። ይህ ግምት ነው፤ ስም ጠሪው ማንን መጠየቅ እንዳለበት ይጠቁመዋል እንጂ ከመጠየቅ አያድነውም።

ለአማርኛ ተናጋሪ ስም ጠሪ የገዛ ሰፈሩ ስሞችም ወጥመድ አላቸው። Berhane ተብሎ የተጻፈውን አማራው ብርሃኔ ብሎ ያነበዋል፤ ባለቤቱ ከትግራይ ከሆነ ግን ብርሃነ ነው። Haile ኃይሌም ኃይለም ሊሆን ይችላል። Kahsay ውስጥ ያለችው h ጌጥ አይደለችም፣ ትሰማለች፤ ካሳይ ብሎ መጥራት ሌላ ስም መስጠት ነው። ከሁሉ በላይ የምትጎዳው ግን ያቺ ሰያፍ ጭረት ናት። ለቦታ ቁጠባ ሲባል G/Medhin፣ W/Gebriel፣ H/Mariam እየተባለ ይጻፋል። የመጀመሪያው ገብረ መድኅን ለመሆኑ ብዙ ጥርጥር የለም። H/Mariam ግን ኃይለ ማርያምም ሀብተ ማርያምም ሊሆን ይችላል፤ T/Mariam ተክለ ማርያም ወይም ተስፋ ማርያም። A/ ደግሞ እንደ አካባቢው ይለያያል፦ A/Kadir ላይ አብዱ ናት፣ ከጅማ በመጣ ስም ላይ ግን አባ ልትሆን ትችላለች። ጭረት ያለበት መስመር ሁሉ፣ አንድም ሳይቀር፣ ከባለቤቱ መጠየቅ አለበት። መድረክ ላይ “ኤች ማርያም” ተብሎ ሲነበብ ሰምተናል፤ የሰውዬው አያት በሕይወት ዘመናቸው ማንም እንዲህ ብሎ የጠራቸው አይመስለኝም።

ከጋምቤላ የሚመጡ ስሞች ላይ ስም ጠሪዎች ይፈራሉ፤ ነገር ግን ጥቂት ነገር ያወቀ አይቸገርም። በኑዌር ስሞች Gat ብሎ የሚጀምረው ወንድ፣ Nya ብሎ የሚጀምረው ሴት ነው። Nya የምትነበበው እንደ አማርኛው “ኛ” ባንድ ትንፋሽ ነው፣ “ንያ” ተብላ አትሰበርም። በኑዌርም በአኙዋም መጨረሻ ላይ ng ሲመጣ “ንግ” አይባልም። ማንጎ ስንል ከ“ጎ” በፊት በአፍንጫ የሚወጣው ድምፅ አለ፤ እዚያው ላይ መቁረጥ ነው። Obang የሚለው የአኙዋ ስም በአማርኛ ኦባንግ ተብሎ ቢጻፍም መጨረሻው ላይ “ግ” አይሰማም።

ታዲያ ስም ጠሪው አራት መቶ ሰው መቼ አግኝቶ ይጠይቃል? ተማሪዎቹን በኢሜይል ወይም በቴሌግራም ቡድን “ስማችሁን አስተካክሉ” ብሎ መልእክት መላክ የተለመደ ነው፤ የሚመልሱት ግን ስማቸው የማያስቸግረው ናቸው። ሁሉም ተማሪ በአካል የሚመጣበት አንድ ቀን አለ፣ እሱም ጋዋን የሚታደልበት ቀን ነው። ጋዋን ሳይወስድ የሚመረቅ የለም። ስለዚህ ስም ጠሪው ከሚያድሉት ሰዎች ጎን ወንበር አስቀምጦ ዝርዝሩን ይዞ ይቀመጥ። ለአንድ ሰው ሃያ ሰከንድ ይበቃል። ሰልፉ እንዳይቆም ደግሞ ስሙ የሚያጠራጥረውን ብቻ አስቀድሞ ምልክት አድርጎ ይጠብቅ፤ ከ480 ሰው ውስጥ በዚህ መንገድ የሚለዩት መቶና መቶ ሃምሳ ቢሆኑ ነው።

አጠያየቁ ራሱ ጥበብ ይጠይቃል። ስም ጠሪው መምህር ከሆነ “ስምሽ ካልቱ ነው አይደል?” ብሎ ቢጠይቅ ልጅቷ “አዎ፣ ችግር የለውም ጋሼ” ትለዋለች። አክብሮትና ይሉኝታ ነው፤ መምህሯን በሰው ፊት ማረም ይከብዳታል። “ችግር የለውም” የሚለው መልስ በመጣ ቁጥር ስሙ ተሳስቶ መነበቡን ማወቅ ያስፈልጋል። ስለዚህ ስም ጠሪው ስሙን ከእሱ አፍ አያስጀምር። “ቤት ውስጥ እንዴት ብለው ነው የሚጠሩሽ? አባትሽንስ ሰው እንዴት ይጠራቸዋል?” ብሎ ይጠይቅና ዝም ይበል። ከሰማ በኋላ እሱ ይድገመው፤ ሁለተኛ አስደግሞ ይስማ። ሁለተኛው ላይ ልጅቷ ረገጥ አድርጋ የምትለው ክፍል ስም ጠሪው የሳተው ክፍል ነው። ፈቃድ ጠይቆ በስልክ መቅዳትም ይቻላል፤ ስሙን ከነቁጥሩ “ሁለት መቶ አሥራ አራት” ብሎ አስጀምሮ መቅዳት በኋላ ፍለጋን ያቀላል። ማታ ቁጭ ብሎ ሲያዳምጥ ብዙ ነገር ይገለጥለታል።

አሁን ወደ ወረቀቱ እንመለስ። ከሬጅስትራር የመጣው ዝርዝር ለመዝገብ እንጂ ለመድረክ አልተሠራም፤ በጠባብ ሠንጠረዥ፣ በደቃቅ ፊደል፣ በአንድ ገጽ አርባ ስም ይዞ ይመጣል። ለመድረክ እንደገና መታተም አለበት። በአንድ ገጽ ከአሥራ ሁለት ስም በላይ አይኑር፣ ፊደሉ 18 ነጥብ ያህል ይሁን፣ በየስሙ መካከል አንድ መስመር ባዶ ይቀመጥ፣ ወረቀቱ በአንድ ፊቱ ብቻ ይታተም። 480 ስም እንዲህ ሲሆን አርባ ገጽ ይወጣዋል። ገጾቹ ቁጥር ይኑራቸው እንጂ በስቴፕል አይያዙ፤ ያነበቡትን ገጽ ወደ ጎን ማንሸራተት ማገላበጥን ያስቀራል፣ ማይክሮፎኑም የወረቀት ጩኸት አያሰማም።

ከእያንዳንዱ አስቸጋሪ ስም ጎን ንባቡ በግዕዝ ፊደል በእጅ ይጻፍ። እዚህ ላይ ፊደላችን የማይናገረው አንድ ነገር አለ፤ እሱም ማጥበቅና ማላላት ነው። ከበደ፣ ዘነበ፣ ደረጀ የሚሉትን አማርኛ አፉን የፈታበት ሰው ሳያስብ መካከለኛዋን ፊደል አጥብቆ ያነባል። አፉን በሌላ ቋንቋ የፈታ ስም ጠሪ ግን አላልቶ ሊያነባቸው ይችላል፤ አማርኛ ተናጋሪውም በማያውቀው ስም ላይ ያው ነው። የቋንቋ መምህራን የምትጠብቀው ፊደል አናት ላይ ሁለት ነጥብ ያደርጋሉ። ያችን ልማድ መውሰድ ነው፤ በእርሳስ ሁለት ነጥብ ማድረግ ጊዜ አይፈጅም። የሚረዝም አናባቢ ካለ ከፊደሉ ሥር አንድ ሰረዝ፣ በስምና በአባት ስም መካከል ደግሞ አንድ ቋሚ መስመር ይሰመር። ከዚህ በላይ ምልክት ከበዛ መድረክ ላይ ዓይን ይጠፋበታል።

አንድ መስመር አብረን እንሥራ። ለማሳያ ያቀናበርኩት ነው፤ የማንም ሰው ስም አይደለም። ዝርዝሩ ላይ Caaltuu Badhaadhaa W/Mariam ተብሎ መጥቷል እንበል። መጀመሪያ የምናየው የተደጋገሙትን አናባቢዎች ነው፤ የልጅቷም የአባቷም ስም በቁቤ ተጽፏል። ስለዚህ C “ጨ” ናት፣ ስሟ ጫልቱ። የአባቷ ስም ውስጥ dh ሁለት ጊዜ አለ። ይህ “ዸ” ተብሎ የሚጻፈው ድምፅ ነው፤ የምላስ ጫፍ ወደ ላንቃ ቀልበስ ብሎ፣ ድምፁ ወደ ውስጥ ሳብ እየተደረገ የሚወጣ ነው። ስለዚህ በዻዻ ብለን እንጽፋለን፤ ሁለቱ “ዻ” ሥር ሰረዝ፣ ምክንያቱም ሁለቱም ረጃጅም ናቸው። ኦሮምኛ የማይናገር ሰው “ዸ”ን በአንድ ሳምንት ላያወጣት ይችላል። ካልሆነለት በዳዳ ይበል፤ አማርኛ ተናጋሪዎች ሲጠሩት የኖሩት እንዲሁ ነው፣ ቤተሰቡም ያውቀዋል። “ድ” እና “ህ” ለያይቶ በድሃድሃ ማለት ግን ከቶ አይሁን፣ ያ የማንም ቋንቋ ድምፅ አይደለም። የዐይንና የ“ሐ” ድምፆችም እንዲሁ ናቸው፤ አማርኛ ተናጋሪ ዑመርን ኡመር ቢል ማንም አይቀየመውም፣ ኩመር ቢል ግን ባለቤቱ ከወንበሩ ላይነሳ ይችላል። የቀረው የአያት ስም ነው። W/ ወልደ ትመስላለች፤ ጭረት ስላለባት ግን ጋዋን ልትወስድ ስትመጣ እንጠይቃታለን። ወልደ ማርያም ካለችን መስመሩ ይዘጋል፤ ጫልቱ፣ ቋሚ መስመር፣ በዻዻ፣ ቋሚ መስመር፣ ወልደ ማርያም። የአያት ስም ይነበብ አይነበብ የሚለው ለሁሉም አንድ ዓይነት መሆን አለበት፤ ለአንዱ ሦስት ለሌላው ሁለት ስም ማንበብ አዳራሹ ውስጥ ወዲያው ይሰማል።

በወረቀቱ ላይ አቶ፣ ወይዘሪት የሚል መጨመር አያስፈልግም። ደስታ፣ ሲሳይ፣ ተስፋ፣ ፀሐይ የወንድም የሴትም ስሞች ናቸው፤ በግምት ማዕረግ የሚጨምር ስም ጠሪ ያልተጠየቀውን ስሕተት ይፈጥራል። በማዕረግ የሚመረቁትም ማዕረጋቸው ከስማቸው በኋላ ቢነበብ ይሻላል፤ ቤተሰብ የሚጠብቀው ስሙን ነው፣ ስሙ ከተሰማ በኋላ በእጅግ ከፍተኛ ማዕረግ የሚለው ቢዋጥ ጉዳቱ ትንሽ ነው።

ልምምዱ ድምፅ አውጥቶ ነው። በዓይን ብቻ ያለፈ ስም ምላስን አያውቃትም። ዝርዝሩን ቢያንስ ሁለት ጊዜ፣ በተለያየ ቀን፣ ቆሞ ማንበብ ይበቃል፤ የሚያደናቅፉትን ለብቻ አውጥቶ ደግሞ እስኪቀልሉ መደጋገም ነው። ሲደናቀፉ ከመነሻው አትጀምሩ። ስሙን ከመጨረሻው ወደ ፊት መገንባት ምላስን ያሠለጥናል፦ መጀመሪያ ሉአክ፣ ከዚያ ጋትሉአክ። መጨረሻውን ስለሚያውቁት ወደ እሱ ሲሄዱ አትፈሩም።

ከዚያ የጊዜ ጉዳይ ይመጣል፤ አዘጋጆች ስም ጠሪውን የሚያጣድፉት እዚህ ላይ ነው። ለአንድ ስም አምስት ሰከንድ ቢሰጥ 480 ሰው አርባ ደቂቃ ይፈጃል። ስምንት ሰከንድ ከሆነ ከአንድ ሰዓት ያልፋል። አምስት ሰከንድ ሳይቸኩሉ ስምና የአባት ስም ብሎ፣ ትንፋሽ ወስዶ፣ የሚቀጥለውን ስም በዓይን ለማየት ይበቃል። የአያት ስም ሲጨመር ስድስት ሰከንድ ያስፈልጋል። ፕሮግራሙን የሚያወጣው ሰው ይህን አስልቶ ካላወጣው ስም ጠሪው መሃል ላይ “ቶሎ ቶሎ” የሚል ወረቀት ይደርሰዋል፣ ስሞቹም መሰባበር የሚጀምሩት ከዚያ በኋላ ነው። የሚያስጨርስ ጊዜ ከሌለ ንግግሮቹን ማሳጠር ነው። ከአርባ ደቂቃ በላይ ከሆነ ደግሞ ሁለት ስም ጠሪ ይመደብ፣ በየትምህርት ክፍሉ ይቀያየሩ፤ ዝርዝሩን ሲከፋፈሉም አንዱ ኦሮምኛ ሌላው አማርኛ ወይም ሶማልኛ የሚያውቅ ከሆነ ቋንቋውን ማየት ይጠቅማል።

እልልታው ግን በሰከንድ አይለካም። አንዲት እናት ከሩቅ መጥታ የልጇ ስም ሲጠራ እልል ስትል ዘመዱ ሁሉ ይከተላታል፣ የሚቀጥለው ልጅ ስም እዚያ ውስጥ ይሰጥማል። “እባካችሁ እልልታውን በመጨረሻ አድርጉ” የሚለው ማሳሰቢያ ሲሠራ አላየሁም፣ እንዲሠራም አልፈልግም። ስም ጠሪው ማድረግ ያለበት ድምፁን ከፍ አድርጎ ከእልልታው ጋር መፎካከር ሳይሆን መጠበቅ ነው። እልልታ አናቱ ላይ ደርሶ ይወርዳል፤ መውረድ ሲጀምር የሚቀጥለው ስም ይጠራ። የጠፋውን ጊዜ ዘመድ ያልበዛላቸው ልጆች ላይ ማካካስ ግን በደል ነው። ጭብጨባ ያልተሰማለትም ልጅ ያው አምስት ሰከንዱ ይሰጠው።

ከሁሉም የከፋው ስሕተት የአነባበብ ሳይሆን የቅደም ተከተል ነው። አንድ ተማሪ ሳይመጣ ቢቀር ወይም ሽንት ቤት ሄዶ ሰልፉን ቢስት ከእሱ በኋላ ያሉት ሁሉ በሌላ ሰው ስም መድረክ ይወጣሉ። ስም ጠሪው ቀና ብሎ ስለማያይ አይታወቀውም። መታወቂያው አዳራሹ ነው፦ ስሙ ሲጠራ እልልታው ከሚወጣው ልጅ በተለየ አቅጣጫ ይሰማል፣ ወይም የወጣው ልጅ ዞር ዞር ይላል። መድኃኒቱ ካርድ ነው። እያንዳንዱ ተማሪ ስሙ የተጻፈበትን ካርድ ይዞ ይውጣ፣ ለስም ጠሪው ይስጥ፣ ስም ጠሪው ከካርዱ ላይ ያንብብ። ንባቡ በግዕዝ ከነነጥቡ ካርዱ ላይ ተጽፎ ከሆነ ዝርዝሩ መጠባበቂያ ብቻ ይሆናል። ተማሪው ካርዱን ሲሰጥ ስሙን በጆሮው ሹክ ማለትም ይችላል። በአሜሪካ በብዙ ኮሌጆች የሚሠራው በዚህ መንገድ ነው፤ ካርዱ ላይ ስሙ እንዴት እንደሚነበብ ተማሪው ራሱ የሚሞላበት ቦታ አለው። እዚያ ያሉ የኛ ልጆች ብዙውን ጊዜ ያን ቦታ ባዶ ይተዉታል ወይም ስማቸውን እንደገና ይጽፉበታል። Hiwot የምትባል ልጅ እንደገና Hiwot ብላ ብትጽፍ አሜሪካዊው “ሃይዎት” ነው የሚላት። hih-wot ብላ በሰረዝ ከፍላ ብትጽፍለት ግን ወደ ስሟ ይቀርባል። በአጭር ቁራጭ መክፈል፣ እንግሊዝኛ አንባቢ በሚያውቀው ድምፅ መጻፍ ነው፤ ጠበቅ ላላ የሚለውን መተው ይቻላል፣ እሱ በወረቀት አይደርስም።

ያም ሆኖ መሳሳት አይቀርም። ሲሳሳቱ የሚሠራው አጭር ነው፤ ልጁ መድረኩን ሳይለቅ ሙሉ ስሙን ከነአባቱ አስተካክሎ አንድ ጊዜ መድገም። ይቅርታውን ማብዛት፣ ስሙ ከባድ ነው ማለት፣ መሳቅ አይገባም፤ ሦስቱም የልጁን ጊዜ ወደ ስም ጠሪው ይወስዱታል። ትክክለኛው ንባብ ወዲያው ካልመጣለት ልጁን ቀና ብሎ ቢያየው ልጁ ራሱ ይነግረዋል።

ሲያበቃ ምልክት የተደረገባቸው አርባ ገጾች ቆሻሻ መጣያ ውስጥ መግባት የለባቸውም። ወደ ሬጅስትራር ይመለሱ፤ ጭረቶቹ የተፈቱበት፣ ቁቤና እንግሊዝኛው የተለየበት፣ ማጥበቂያው የተቀመጠበት ዝርዝር ያ ብቻ ነው። ታናናሾቻቸው በዚያው አባትና አያት ስም በሚቀጥሉት ዓመታት ይመዘገባሉ፣ የሚቀጥለው ስም ጠሪም ሥራውን ከዚያ ይጀምራል።